ውስኪው ቀድሞ የጠጣው ውሃ

ውስኪ በተቀዳበት ገበታ ዙሪያ ሁሌም የሚነሳ ክርክር አለ። አንዱ ብርጭቆውን በበረዶ ይሞላል። ሌላው «ውስኪ ላይ ውሃ የሚጨምር ውስኪ አያውቅም» ብሎ ይቆጣል። ሦስተኛው አምቦ ውሃ ያስመጣል። እያንዳንዱ የለመደውን እንደ ሕግ ይዞ ይሟገታል እንጂ ጠርሙሱን አንስቶ የሚያነብ የለም። እኔ ክርክሩ መጀመር ያለበት ከጠርሙሱ ነው ባይ ነኝ። ከስሙ ሥር በትንሽ ፊደል የታተመች አንዲት ቁጥር አለች፦ 40%፣ 43%፣ 46%፣ አልፎ አልፎም 60%። አንድ ማንኪያ ውሃ መዓዛውን ያወጣው ወይም ያደበዝዘው እንደሆነ ከሁሉም በፊት የምትናገረው እሷ ናት። ምክንያቱም ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውስኪ ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት ውሃ ተጨምሮበታል፤ ጥያቄው ስንት ተጨመረበት ነው።

የስኮትላንድን ውስኪ እንውሰድ። ገብሱ ብቅል ይሆናል፣ ይፈጫል፣ በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ በእርሾ ይፈላል፣ ከዚያም በመዳብ ማንጠሪያ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቴ ይነጠራል። ከሁለተኛው ዙር የሚወጣው ንጹሕ ፈሳሽ የአልኮል መጠኑ 70% አካባቢ ነው። ወደ በርሜል ሲገባ በብዙ ፋብሪካዎች ውሃ ተጨምሮበት 63.5% ገደማ እንዲሆን ይደረጋል። በኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ በሕጉ መሠረት ቢያንስ 3 ዓመት ይቆያል፤ ጥሩ የሚባለው ደግሞ 10 እና 12 ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይቀመጣል። በመጨረሻ ከበርሜሉ ሲወጣ፣ ወደ ጠርሙስ ከመግባቱ በፊት፣ እንደገና ይበረዛል። ሕጉ ከ40% በታች እንዲወርድ አይፈቅድም፤ በገበያ የምናገኘው ብዙው ውስኪም እዚችው ወለል ላይ ቆሞ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ 40% የሚለውን ጠርሙስ የያዘ ሰው «እኔ ውሃ አላስነካውም» ቢልም፣ ውስኪው ከፋብሪካ ሳይወጣ ሁለቴ ተበርዟል፤ በጠርሙሱ ካለውም ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው። በሌላ በኩል አንዳንድ ጠርሙሶች በበርሜሉ ጥንካሬ፣ የመጨረሻውን ውሃ ሳያገኙ ይታሸጋሉ። 55% ወይም 60% የሚል ቁጥር ካያችሁ ያንን ውሃ የመጨመሩ ሥራ ለእናንተ ተትቷል ማለት ነው።

አሁን ውሃው ሲገባ ምን እንደሚሆን እንይ። ከውስኪ ውስጥ አልኮሉንና ውሃውን ብናወጣ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው። ውስኪን ውስኪ የሚያሰኘው ግን ያ ጥቂቱ ነው፦ ከእንጨቱ የመጣው ቫኒላ፣ ከእርሾው የመጣው የፍራፍሬ ሽታ፣ ብቅሉ በአተር አፈር ጭስ ከደረቀ ደግሞ የጭሱ ሽታ። እነዚህን መዓዛዎች የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ብዙዎቹ ከውሃ ጋር ብዙም አይስማሙም፤ ከአልኮል ጋር ግን ይስማማሉ። አልኮል በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ አልኮሉ ከብቦ ይይዛቸዋል፤ ብርጭቆው ጢም ብሎ በመዓዛ የተሞላ ሆኖ ሳለ አፍንጫችን ግን የሚያገኘው ትንሽ ነው። ውሃ ሲጨመር ያ መጠጊያቸው ይሳሳል። ውሃውም ስለማይቀበላቸው ወደ ላይ፣ ወደ ፈሳሹ ገጽ ይገፋቸዋል። ከገጹ ደግሞ ወደ አየር፣ ከአየሩም ወደ አፍንጫ መድረስ ቀላል ነው።

በ2017 በስዊድን ሊኔዎስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ቢዮርን ካርልሶንና ራን ፍሪድማን፣ ይህንኑ በኮምፒውተር ስሌት አሳይተዋል። የመረጡት ጓያኮል የሚባለውን ንጥረ ነገር ነው፤ በተለይ ኢስላይ በምትባለው የስኮትላንድ ደሴት በሚሠሩት ውስኪዎች ውስጥ የጭስ መዓዛ ከሚሰጡት አንዱ ነው። የአልኮሉ መጠን 45% እና ከዚያ በታች ሲሆን ጓያኮሉ ከፈሳሹ ገጽ አጠገብ ይሰበሰባል። ከ59% በላይ ሲሆን ግን አልኮሉ ይከበውና ወደ ውስጥ ይሰወራል። ስሌቱ የአንድ ንጥረ ነገር፣ የአልኮልና የውሃ ብቻ ነው፤ እውነተኛ ውስኪ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሌሎች ስላሉ ለሁሉም ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም። ሆኖም ብርቱ ውስኪ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ሲል ጭሱ ለምን ብድግ ብሎ እንደሚመጣ በግልጽ ያስረዳል።

ሌላው የውሃው ሥራ ማቃጠሉን መቀነስ ነው፤ ይህም ከመዓዛው ያልተናነሰ ቁም ነገር ነው። አልኮል አፍን የሚያቃጥለው በዘፈቀደ አይደለም። ሚጥሚጣ ሲነካን የሚጮኸው በአፋችንና በአፍንጫችን ውስጥ ያለ የነርቭ መቀበያ፣ ሙቀትን የሚያስታውቀንም ራሱ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚነቃው ሙቀቱ 42 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። በ2002 የታተመ ጥናት እንዳሳየው አልኮል ይህን ደፍ ወደ 34 ዲግሪ ያወርደዋል። የአፋችን ሙቀት ከዚያ በላይ ስለሆነ የገዛ አካላችን ሙቀት እንደ እሳት ይሰማናል ማለት ነው። 60% ውስኪን ያለ ውሃ የሚጎነጭ ሰው ምላሱና ጉሮሮው በዚህ ጩኸት ተይዘው ሳለ የፖምና የዘቢብ ሽታ ልለይ ቢል አይሆንለትም። የተማረረ ምላስ ጣዕም አይሰማም። ጥቂት ውሃ ጩኸቱን ዝቅ ያደርግና ከሥሩ የነበረውን እንድንሰማ ያስችለናል።

ይህን በዓይን የሚያዩበትም መንገድ አለ። ባለ ቀጭን ጠርዝ ብርጭቆ ውስጥ ጥቂት ውስኪ ይቅዱና ወደ መስኮት ብርሃን ያንሱት። ከገለባ ጫፍ አንዲት የውሃ ጠብታ ይልቀቁበት። ጠብታዋ ወዲያው አትጠፋም። ቀጫጭን፣ ዘይት የሚመስሉ ክሮች ሆና እየተጠማዘዘች ወደ ታች ትወርዳለች፤ ክሮቹ ለጥቂት ሰከንዶች ይዋኛሉ፣ ከዚያ ይሟሟሉ። የሚታየው ውሃና አልኮል ብርሃንን እኩል ስለማይሰብሩ ነው። ውስኪው በበረታ ቁጥር ክሮቹ ይበልጥ ይደምቃሉ፣ ይበልጥም ይቆያሉ። ክሮቹ ሳይጠፉ ማሽተት ግን ጥሩ አይደለም። ብርጭቆውን በእርጋታ አወዛውዞ አንድ ሁለት ደቂቃ መተው ይሻላል፤ ውሃውና ውስኪው እስኪዋሐዱ መዓዛው ይዋዥቃል።

አንድ ጠርሙስ ወስደን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ግሌንፋርክላስ 105 ከስኮትላንድ ስፔይሳይድ አካባቢ የሚመጣ፣ የሼሪ ወይን በነበረበት በርሜል ውስጥ ያረጀ ውስኪ ነው። የአልኮል መጠኑ 60% ነው። 30 ሚሊ ሊትር ቀዳን እንበል፤ ቡና ቤት «ሲንግል» የምንለው ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ 18 ሚሊ ሊትሩ ጥርት ያለ አልኮል ነው። ስሌቱም ከዚህ ይጀምራል፦ 18ን በብርጭቆው ውስጥ ባለው ጠቅላላ ፈሳሽ ማካፈል ብቻ ነው።

ውሃ ሳይገባ አፍንጫችንን ስናስጠጋ መጀመሪያ የሚመታን የአልኮሉ ስለት ነው። ብርጭቆውን ራቅ አድርጎ፣ አፍን በትንሹ ከፍቶ ማሽተት ይረዳል፤ ከስለቱ ጀርባ ደረቅ እንጨትና የሆነ ጣፋጭ ነገር ይሸታል፣ ግን ተጨማዶ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ፣ 5 ሚሊ ሊትር ያህል፣ እንጨምር። 18 ለ35 ሲካፈል 51% ገደማ ይሆናል። ስለቱ ይለዝባል፤ የፖምና የዘቢቡ ሽታ ከእንጨቱ ተለይቶ መውጣት ይጀምራል። አንድ ማንኪያ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውሃ ብንደግም 46% ላይ እንደርሳለን። ለእኔ የዚህ ዓይነቱ ውስኪ ምርጥ ቦታ እዚህ አካባቢ ነው፤ ጣፋጩም፣ ቅመሙም፣ እንጨቱም በየተራ ይሰማሉ፣ በአፍ ውስጥም ገና ወፍራም ነው። በጠቅላላ ሦስት ማንኪያ ሲሆን 18 ለ45 ሲካፈል ልክ 40% ይመጣል። ልብ በሉ፤ ሦስት ማንኪያ ውሃ የጨመርንበት ይህ ብርጭቆ አሁን ገና ብዙው ሰው «ውሃ አላስነካውም» ብሎ ከሚጠጣው ውስኪ ጋር እኩል ሆነ።

ያንኑ ማንኪያ አሁን 40% በሆነው ላይ እንሞክረው፤ በየሰርጉ የምናየው ቀይ ወይም ጥቁር ጆኒ ዎከር ሊሆን ይችላል። በ30 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው አልኮል 12 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ማንኪያ ወደ 34% ያወርደዋል፤ ሁለት ማንኪያ ደግሞ ወደ 30%። የመጀመሪያው ማንኪያ ላይ አሁንም የሚገኝ ነገር አለ፤ ጥቂት የአበባና የማር ሽታ ቀና ይላል፣ ጉሮሮም ይቀለዋል። ሁለተኛው ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሽታው ሳይጠፋ ይጠፋል፤ አለ፣ ግን ይኸ ነው ብሎ መለየት ያዳግታል። በአፍ ውስጥ ያለው ክብደትም ይሄዳል። ውስኪ ምላስ ላይ ወፍሮ የሚሰማን በከፊል በአልኮሉ ምክንያት ስለሆነ ሲሳሳ የእንጨቱ ምሬትና መጨበጥ ብቻውን ጎልቶ ይቀራል፤ ብዙ ሰው «ውሃ ውሃ አለኝ» የሚለው ይህንን ነው። የደበዘዘን ብርጭቆ የሚያስታውቁት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ከጉንጩ መሐል ባዶነት፣ ከዋጡ በኋላ ቶሎ የሚጠፋ ጣዕም፣ ከዚያም ጥቂት ምሬት።

በ2023 የአሜሪካው ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ከዚህ ጋር የሚገጥም ነው። ከቡርቦን እስከ ስኮትላንድ ነጠላ ብቅል ድረስ ልዩ ልዩ ውስኪዎችን ደረጃ በደረጃ እየበረዙ በመሣሪያም በሠለጠኑ ቀማሾችም መረመሩ። ውሃው ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ እስኪደርስ ድረስ አንዱ ውስኪ ከሌላው ይለያል። ከዚያ ሲያልፍ ልዩነታቸው እየጠበበ ይሄዳል፤ ቡርቦኖቹ እርስ በእርስ፣ የስኮትላንዶቹም እርስ በእርስ ይመሳሰላሉ። አንድ አምስተኛ ማለት ለ30 ሚሊ ሊትር 7 ሚሊ ሊትር ተኩል፣ ማለትም አንድ ማንኪያ ተኩል ያህል ነው። ለጥሩ ውስኪ ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሰው የገዛው ያንን ከሌላው የሚለየውን ነገር ነውና ከዚህ ወሰን በላይ መሄድ ልዩነቱን ከፍሎበት መልሶ ማጥፋት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተገቢ ጥያቄ አለ። የስኮትላንድ ውስኪ ቀማሚዎች ናሙናቸውን 20% አካባቢ እስኪሆን አቅጥነው እንደሚያሸቱ ይታወቃል። ባለሙያዎቹ ግማሽ በግማሽ ውሃ የሚጨምሩ ከሆነ እኛ ለምን እንቆጠባለን? መልሱ እነሱ የሚፈልጉት ሌላ መሆኑ ነው። በቀን ብዙ ናሙና የሚፈትሽ ሰው አፍንጫውን ከአልኮሉ መጠበቅ አለበት፤ ሥራውም ጉድለት ማደን ነው። የሰልፈር ሽታ፣ የሻገተ በርሜል፣ የሳሙና ጠረን እንዲህ ሲቀጥን ቶሎ ይጋለጣል። ያ ብርጭቆ ለማሽተት የተዘጋጀ ነው፤ ለመጎንጨት አይደለም።

ብዙ ውሃ የሚያደበዝዘው ደግሞ በማሳሳት ብቻ አይደለም። ኡዞ ላይ ውሃ ሲጨመር እንደ ወተት ነጭ እንደሚሆን ብዙዎቻችን አይተናል፤ በአልኮሉ ሟሙቶ የነበረው የአኒስ ዘይት ውሃው ሲበዛበት ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ይለያል። ውስኪ ውስጥም፣ በጣም ባነሰ መጠን፣ ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። ከእርሾው የሚመጡ ረጃጅም፣ ቅባት ነክ ንጥረ ነገሮች አሉ። አልኮሉ ሲያንስ እርስ በእርስ እየተጠጋጉ በዓይን የማይታይ እንክብል ይሠራሉ፤ እንክብሉም ሌሎቹን ቅባት ወዳድ መዓዛዎች ወደ ውስጡ ይስባል። በ1990ዎቹ በስኮትላንድ ስትራዝክላይድ ዩኒቨርሲቲ የተሠሩ ጥናቶች ይህን አሳይተዋል። ስለዚህ ያው ውሃ አንዱን መዓዛ ወደ ላይ ሲገፋ ሌላውን ሊያስር ይችላል። በጥቂት ውሃ የሚገፋው ይበልጣል፤ በብዙ ውሃ የሚታሰረው።

ቅዝቃዜ ደግሞ ይህን ያባብሳል። ውስኪው 46% ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ «ሳይቀዘቅዝ የተጣራ» የሚል ከሆነ፣ በረዶ ስትጨምሩበት ጭጋግ ቢለብስ አትደንግጡ፤ አልተበላሸም። እነዚያው ቅባት ነክ ነገሮች ናቸው የታዩት። ብዙ ፋብሪካዎች ደንበኛው ይህን አይቶ እንዳይጠራጠር ውስኪውን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ድረስ አቀዝቅዘው አጣርተው ያወጧቸዋል፤ ከእነሱም ጋር በአፍ ከሚሰማው ውፍረት ጥቂቱ ይወጣል።

በረዶን ሰው ሁሉ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ያየዋል። እኔ ሁለት ተጻራሪ ሥራ በአንድ ጊዜ የሚሠራ ነገር አድርጌ ነው የማየው። ሲቀልጥ ውሃ ይሆናል፤ እስካሁን እንዳየነው ጥቂት ውሃ መዓዛውን ያወጣል። ሲያቀዘቅዝ ግን መዓዛው ከፈሳሹ ወደ አየር መትነኑን ይቀንሳል፤ የተከፈተውን መልሶ ይዘጋዋል። ምላስም በቅዝቃዜ ይደነዝዛል። በ2005 የወጣ ጥናት ጣፋጭን ወደ ነርቭ የሚያስተላልፈው የምላስ ሥርዓት ሙቀት ሲቀንስ እየደከመ እንደሚሄድ አሳይቷል፤ የቀለጠ አይስክሬም ከቀዘቀዘው ይልቅ የሚጣፍጠን ለዚህ ነው። በረዶ የበዛበት ውስኪ እንግዲህ የማር ጣፋጩንና ሽታውን ያጣል፤ የእንጨቱ ምሬትና ጭሱ ግን በአንጻሩ ይቀራል። ሼሪ በርሜል ውስጥ 15 ዓመት ያረጀን ውስኪ በበረዶ መሙላት የሚያሳዝነኝ በዚህ ምክንያት ነው፤ የተከፈለበት ነገር ሁሉ ቀድሞ የሚሄደው ነው።

በረዶው ስንት ውሃ እንደሚሰጥም ማስላት ይቻላል። ክፍሉ 22 ዲግሪ ነው እንበል፤ ብርጭቆው ውስጥ 30 ሚሊ ሊትር 40% ውስኪ አለ። በረዶው የመጣው ከባልዲ፣ እርጥብና ሊቀልጥ የደረሰ ነው። ውስኪውን ወደ ዜሮ ለማውረድ ብቻ፣ ብርጭቆውን ራሱን ሳንቆጥር፣ 8 ግራም ያህል በረዶ መቅለጥ አለበት። 12ን ለ38 ብናካፍለው 32% ላይ ነን ማለት ነው። ይህ የሆነው ገና የመጀመሪያውን ጉንጭ ሳንወስድ ነው። ከዚህ የሚመጣው ነገር ግልጽ ነው፦ ያው ቅዝቃዜ እስከተፈለገ ድረስ ከእርጥብ በረዶ የሚገኘው ውሃ ያው ነው፤ ትልቅም ይሁን ትንሽ። ትልቁ በረዶ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ነው። ገጹ ከትናንሾቹ ጠቅላላ ገጽ ስለሚያንስ ቀስ ብሎ ያቀዘቅዛል፣ ቀስ ብሎም ይቀልጣል፤ ጨዋታ እየተጨዋወቱ በዝግታ ለሚጠጡ ብርጭቆው ቶሎ አይበላሽም። ጃፓኖች ቡና ቤታቸው ውስጥ በረዶን በቢላ ጠርበው ኳስ የሚያስመስሉት ስለዚህ ነው። ከቤት ማቀዝቀዣ በቀጥታ የወጣ ደረቅ በረዶም ከባልዲው ይሻላል፤ ሳይቀልጥ በፊት በራሱ ብርድ የተወሰነ ያቀዘቅዛልና። ከሁሉም የከፋው በደቃቃ በረዶ ተሞልቶ፣ ከሥሩ የቀለጠ ውሃ ተቀምጦ የሚመጣ ብርጭቆ ነው። ውስኪው ከመቀዳቱ በፊት ያንን ውሃ ማንጠፍ የአንድ ማንኪያን ልዩነት ያመጣል።

ሆቴል ውስጥ ነገሩን በእጃችን ለማድረግ አንድ ቀላል ዘዴ አለ፦ «ወንድም፣ ውስኪውን ለብቻ ቅዳልኝ፤ በረዶውን በሌላ ብርጭቆ፣ ውሃውንም ለብቻው አምጣልኝ» ማለት። አስተናጋጁ አይከፋም፤ እኛም መጀመሪያ እንደመጣ ቀምሰን፣ ማንኪያ በማንኪያ ውሃ ጨምረን፣ ካስፈለገ በመጨረሻ አንድ በረዶ እንጥላለን። የቀዘቀዘን ብርጭቆ በመዳፍ አቅፎ ማሞቅ ይቻላልና መዓዛው ቀስ ብሎ ይመለሳል። ውሃ የበዛበት ግን አይመለስም፤ ያለው መድኃኒት ውስኪ መጨመር ብቻ ነው።

በረዶ ቦታው የት ነው? ቡርቦን ላይ ብዙ ጊዜ ደህና ይሄዳል። አዲስ፣ ከውስጥ በተቃጠለ የኦክ በርሜል ስለሚያረጅ የቫኒላውና የእንጨቱ ጣዕም ጉልበተኛ ነው፤ ቅዝቃዜ ሲነካው የሚተርፈው አለ፣ ጣፋጩም ይረግብለታል። 50% እና ከዚያ በላይ የሆነ ቡርቦን ላይ አንድ ትልቅ በረዶ ለእኔ ምርጥ አጠጣጥ ነው፤ ከመጀመሪያው ጉንጭ እስከ መጨረሻው እየተለዋወጠ ይሄዳል። ርካሽና ሻካራ ውስኪም በበረዶ ይጠቀማል፤ መዓዛን የሚዘጋው ብርድ መጥፎውንም ይዘጋልና። በቆላ ሙቀት ወይም በዱባይ በረንዳ ላይ፣ ከመዓዛ ይልቅ መቀዝቀዝ የሚፈልግ ሰውም ትክክል ነው። ለዚያ ግን ጃፓኖች የሚያደርጉት ይሻላል። ሚዙዋሪ ይሉታል፤ ብርጭቆውን በበረዶ ሞልተው፣ አንድ እጅ ውስኪ ላይ ሁለት ወይም ሁለት እጅ ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ጨምረው በደንብ ያማስላሉ። በሶዳ ሲሆን ደግሞ አንድ ለሦስት ወይም አንድ ለአራት ነው። እዚህ ላይ ውስኪው እንደ ውስኪ እንዲቀመስ አይጠበቅም፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ፣ ቢራን የተካ ቀላል መጠጥ ሆኗል። አምቦ ውሃ የሚጨምረው ወገናችንም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ጋዙ መዓዛውን በአንዴ ወደ ላይ ይበትነዋል፣ ማዕድኑ ግን የራሱ ጣዕም አለው፤ ስለዚህ 40% ለሆነ ቅይጥ ውስኪ ይስማማል እንጂ ለተመረጠ ነጠላ ብቅል አልመርጠውም።

ስለ ውሃው ራሱም አንድ ነገር ልበል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፤ ክሎሪን ከጭስ ንጥረ ነገሮች ዘመድ ከሆኑት ጋር ሲገናኝ የሆስፒታል ጠረን ያለው ነገር ሊፈጥር ይችላል። በጭሳማ ውስኪ ላይ ይህ ጎልቶ ይታወቃል። ማዕድን ያልበዛበት የታሸገ ውሃ ለዚህ በቂ ነው፤ ከሌለ የቧንቧውን አፈላልቶና አቀዝቅዞ መጠቀም ይቻላል። በረዶም ከዚሁ ውሃ ይሠራ፤ ሥጋና ሽንኩርት ከሞላበት ማቀዝቀዣ የወጣ ክዳን የሌለው በረዶ ጠረኑን ይዞ ይመጣል። ውሃው የክፍሉን ሙቀት የያዘ ቢሆን ይመረጣል፤ ካልሆነ ውሃ ጨመርን ብለን ብርድም እየጨመርን ነው።

አሁንም ድረስ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ስሌት ቀርቷል። ከላይ 12 ሚሊ ሊትር አልኮል ያለበትን ሲንግል በአንድ ማንኪያም በአንድ ብርጭቆም ውሃ በረዝነው፤ 12ቱ ግን ከ12 አልተነሳም። ውሃ የሚቀንሰው በየጉንጩ ያለውን እንጂ ጠቅላላውን አይደለም። እንዲያውም ማቃጠሉ ሲቀር ጉንጩ ይረዝማል፣ ብርጭቆው ቶሎ ይጎድላል፤ በበረዶና በሶዳ የለሰለሰ ውስኪ ሲጠጣ ቁጥሩ ሳይታወቅ የሚያልፈው ለዚህ ነው። መቁጠር ያለበት የተቀዳው ሲንግል ነው፤ የጎደለው ብርጭቆ አይደለም።